የላሜራ እጥፋት፣ ስፕሪንግባክና የመቁረጫ ርዝመት ስሌት፦ ስለ አንድ ቀላል ብራኬት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ በአንድ ሥራ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሥራው 2 ሚ.ሜ ውፍረት ካለው ተራ ለስላሳ ብረት የሚወጣ፣ እንደ አንጎላሬ አንድ ጊዜ በ90 ዲግሪ የሚታጠፍ ብራኬት ነው። ረጅሙ ክንፍ በውጭ በኩል ሲለካ 60 ሚ.ሜ፣ አጭሩ 40 ሚ.ሜ፣ ወርዱ 50 ሚ.ሜ ሲሆን፣ በአጭሩ ክንፍ ላይ ለ8 ሚ.ሜ ቡሎን የሚሆን 9 ሚ.ሜ ቀዳዳ አለ። የሚታጠፈው በፕሬስ ብሬክ ነው፤ በዚህ ማሽን ፓንች የሚባለው የላይኛው መሣሪያ ላሜራውን ዳይ ወደሚባለው የቪ ቅርጽ ያለው የታችኛው መሣሪያ ይጫነዋል፤ የዳዩ የአፉ ስፋት 16 ሚ.ሜ ነው። ማሽኑ ወይም ውፍረቱ የተለየ እንደሆነ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ሁለቱን ክንፎች ደምሬ 100 ሚ.ሜ ብቆርጥ ብራኬቱ ለምን ከልኩ ይበልጣል?

60 እና 40 የሚሉት ልኮች የሚነሡት የሁለቱ ክንፎች የውጭ ገጾች ቀጥ ብለው ቢቀጥሉ ከሚገናኙበት ሹል ነጥብ ነው። ላሜራው ግን እዚያ ነጥብ ድረስ አይሄድም፤ ማዕዘኑን በቅስት ያቋርጠዋል። ስለዚህ የሁለቱ ልኮች ድምር ብረቱ በእርግጥ ከሚሸፍነው መንገድ ይረዝማል፤ ያን ትርፍ ሳይቀንሱ የቆረጡ እንደሆነ ትርፉ በክንፎቹ ላይ ይወጣል። በዚህ ብራኬት ትርፉ 3.8 ሚ.ሜ ነው፤ 100 ሚ.ሜ ሆኖ የተቆረጠ ቁራጭ ከታጠፈ በኋላ የክንፎቹ ድምር 103.8 ሚ.ሜ ይሆናል።

ብዙ ባለሙያዎች በአንድ እጥፋት የውፍረቱን እጥፍ ቀንሰው ይቆርጣሉ፤ ይኸውም እዚህ 4 ሚ.ሜ ቀንሶ 96 ሚ.ሜ መቁረጥ ማለት ነው። ይህ ልማድ የሚናቅ አይደለም፤ ትክክለኛው 96.2 ሚ.ሜ ስለሆነ ስሕተቱ 0.2 ሚ.ሜ ብቻ ነው፣ ለበር ማጠፊያ መያዣ ወይም ለመደርደሪያ ድጋፍ ከበቂ በላይ ነው። ልማዱ የሚከዳው የቅስቱ ራዲየስ ሲሰፋ ነው። በዚሁ ላሜራ ላይ የውስጥ ራዲየሱ 10 ሚ.ሜ እንዲሆን ቢፈለግ መቀነስ ያለበት 6.9 ሚ.ሜ አካባቢ ነው፤ 4 ብቻ የቀነሰ ሰው 3 ሚ.ሜ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ትርፍ ያገኛል።

ቤንድ አላዋንስ እና ቤንድ ዲዳክሽን የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም ወደ አንድ የመቁረጫ ርዝመት ያደርሳሉ፤ የሚለያዩት በመነሻቸው ነው። ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ በመካከላቸው ደግሞ ርዝመቱ የማይለወጥ አንድ ገለልተኛ መስመር ይቀራል። ቤንድ አላዋንስ በቅስቱ ውስጥ ያለው የዚህ መስመር ርዝመት ነው፤ ከዚህ በኋላ የእጥፋት ርዝመት እንለዋለን። ይህን ይዞ የሚሠራ ሰው ቀጥ ብለው የቀሩትን የሁለቱን ክንፎች ክፍሎች ወስዶ የእጥፋት ርዝመቱን ይደምርባቸዋል። ቤንድ ዲዳክሽን ግን ከውጭ ልኮች ድምር ላይ የሚነሣ ተቀናሽ ነው፤ ንድፎች ብዙ ጊዜ የውጭ ልክ ስለሚሰጡ በወርክሾፕ ውስጥ የሚፈጥነው ይኸኛው ነው።

```
BA = (π/180) × A × (R + K×T)
BD = 2 × (R + T) × tan(A/2) − BA
L  = F1 + F2 − BD
```

እዚህ ላይ `A` ላሜራው ከጠፍጣፋነቱ ተነሥቶ የዞረበት ማዕዘን፣ `R` የውስጥ ራዲየስ፣ `T` ውፍረት፣ `F1` እና `F2` የክንፎቹ የውጭ ልኮች፣ `L` የመቁረጫ ርዝመት ናቸው። `K` ደግሞ ገለልተኛው መስመር ከውስጠኛው ገጽ ምን ያህል እንደሚርቅ በውፍረቱ ክፍልፋይ የሚነግር ቁጥር ነው። መስመሩ በትክክል መሐል ላይ ቢሆን 0.5 ይሆን ነበር፤ ነገር ግን በጠባብ እጥፋት ላይ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ በተለመዱ ሥራዎች ከ0.33 እስከ 0.5 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል።

በስሌቱ ውስጥ የማስገባው የውስጥ ራዲየስ የፓንቹ አፍንጫ ራዲየስ ነው?

በአብዛኛው አይደለም፤ ብዙ ስሌት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በፕሬስ ብሬክ ላይ በጣም የተለመደው አጣጠፍ ላሜራው የዳዩን ሁለት ትከሻዎችና የፓንቹን አፍንጫ ብቻ ነክቶ በመካከል ያለ ደጋፊ የሚታጠፍበት ነው። እንዲህ ሲሆን ራዲየሱን የሚወስነው ከፓንቹ ይልቅ የዳዩ አፍ ስፋት ነው፤ ለለስላሳ ብረት ራዲየሱ ከአፉ ስፋት 16 በመቶ ገደማ ሆኖ ይወጣል። በ16 ሚ.ሜ ዳይ ላይ ይህ 2.6 ሚ.ሜ ይሆናል። የፓንቹ አፍንጫ 1 ሚ.ሜ ቢሆንም፣ 2 ሚ.ሜ ቢሆንም ውጤቱ እምብዛም አይለወጥም፤ አፍንጫው ከተፈጥሯዊው ራዲየስ ሲበልጥ ግን ላሜራው የፓንቹን ቅርጽ ይከተላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ይረሳል፤ ዳዩ ከተለወጠ የመቁረጫ ርዝመቱም ይለወጣል። ለ16 ዳይ የተቆረጠውን 96.2 ሚ.ሜ ቁራጭ የ12 ዳይ ላይ ቢያጥፉት ራዲየሱ ወደ 1.9 ሚ.ሜ ይጠብና የክንፎቹ ድምር 99.7 ሚ.ሜ ይሆናል። የ20 ዳይ ላይ ቢያጥፉት ደግሞ 100.25 ሚ.ሜ ይደርሳል። በዚያው ቁራጭ፣ በዚያው ማሽን፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት መጣ ማለት ነው። ስለዚህ ንድፉ ላይ የታጠፈበትን ዳይ መጻፍ ከጌጥ አይቆጠርም።

በኮምፒውተር የሚነድፉ ሰዎች ዘንድም ተመሳሳይ ችግር አለ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት በራሱ የያዘው ራዲየስ፣ ለምሳሌ 1 ሚ.ሜ፣ ሳይነካ ይቀርና ሶፍትዌሩ 97 ሚ.ሜ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የመቁረጫ ርዝመት ያወጣል፤ ብራኬቱም ከልኩ በ0.7 ሚ.ሜ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ሰዎች የሚከሱት `K`ን ነው። ሲፈተሽ ግን `K` ከ0.33 እስከ 0.5 ባለው ክልል ሙሉ ቢዋዥቅ እንኳ በዚህ ብራኬት ርዝመት ላይ የሚያመጣው ለውጥ 0.53 ሚ.ሜ ብቻ ነው። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ራዲየሱ ነው።

`K`ን ከሠንጠረዥ ልውሰደው ወይስ ልለካው?

ለአንድ ናሙና የሠንጠረዥ ቁጥር ይበቃል። ሃያ ወይም መቶ ብራኬት የሚቆረጥ ከሆነ ግን መለካት ይሻላል፤ የሚጠይቀው አንድ ቁራጭ ላሜራና አንድ ካሊፐር ብቻ ነው።

ሥራው ከሚቆረጥበት ከዚያው ላሜራ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ርዝመቱ በትክክል 100 ሚ.ሜ፣ ወርዱ 50 ሚ.ሜ የሆነ ቁራጭ ይቆረጣል። ጠርዙ ላይ የቀረው ሻካራ ትርፍ በሊማ ይነሣል፤ ይህ ካልተደረገ ካሊፐሩ በትርፉ ላይ ተቀምጦ ልኩን ያሳስታል። ቁራጩ መሐሉ ላይ ይታጠፍና ከዳዩ ወጥቶ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑ በስኳድራ እስኪረጋገጥ ድረስ ይስተካከላል። ከዚያ ሁለቱ ክንፎች በውጭ በኩል ይለካሉ። ለምሳሌ አንዱ 51.95፣ ሌላው 51.85 ሆነው ቢገኙ ድምራቸው 103.80 ነው፤ ከ100 በላይ ያለው 3.80 ራሱ የእጥፋቱ ተቀናሽ ነው። ሁለቱ ክንፎች እኩል አለመሆናቸው ቁራጩ ትክክለኛ መሐሉ ላይ እንዳልታጠፈ ብቻ ያሳያል፤ ድምሩን አይነካም።

ተቀናሹ ከተገኘ ለዚህ ብራኬት `K` ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ሶፍትዌሩ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ወደ ኋላ ይሰላል፤ ቅስቱ ከሚጀምርበት እስከ ሹሉ ነጥብ ያለው ርቀት 2.6 ሲደመር 2፣ 4.6 ነው፤ እጥፉ 9.2 ይሆንና 3.80 ሲቀነስለት የእጥፋት ርዝመቱ 5.40 ይመጣል። ይህ ለ1.5708 ሲካፈል 3.44፣ ከዚያ 2.6 ሲቀነስ 0.84፣ ለውፍረቱ ሲካፈል `K` 0.42 ይሆናል።

ላሜራውን በሚገዙበት ጊዜ የተነገረዎትን ውፍረት ሳይለኩ አይቀበሉት። 2 ሚ.ሜ ተብሎ የተሸጠ ላሜራ በካሊፐር ሲለካ 1.85 ሆኖ ከተገኘ ተቀናሹ ወደ 3.6 ይወርዳል፤ ማዕዘኑም ይለወጣል፣ ይህንንም ከታች ይመለከቱታል።

የብራኬቱን ሙሉ ስሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ይቻላል?

በውስጥ ራዲየስ 2.6፣ በውፍረት 2፣ በ`K` 0.42 እና በ90 ዲግሪ ስሌቱ እንደሚከተለው ነው።

```
BA = 1.5708 × (2.6 + 0.42×2) = 5.40
BD = 2 × (2.6 + 2) − 5.40    = 3.80
L  = 60 + 40 − 3.80          = 96.20
```

በሌላኛው መንገድም ማረጋገጥ ይገባል። ከ60 ላይ 4.6 ሲቀነስ 55.4፣ ከ40 ላይ 4.6 ሲቀነስ 35.4 ቀጥ ያለ ክፍል ይቀራል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 90.8፣ በእሱ ላይ 5.40 ሲጨመር 96.20 ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አንድ ቦታ ላይ የውጭና የውስጥ ልክ ተምታቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የእጥፋቱ መስመር የት እንደሚጫር መወሰን ያስፈልጋል። ተቀናሹ ለሁለቱ ክንፎች እኩል ይከፈላል፤ ስለዚህ መስመሩ ከረጅሙ ክንፍ ጫፍ 60 ሲቀነስ 1.90፣ ማለትም 58.10 ሚ.ሜ ላይ ይሆናል፤ ከአጭሩ ጫፍ ሲለካ ደግሞ 38.10 ላይ ነው። ማሽኑ የኋላ መደገፊያ ካለው የሚሰጠው ልክ ይኸው ነው። መስመሩን 60 ላይ ጭሮ የሚያጥፍ ሰው የመቁረጫ ርዝመቱን በትክክል አስልቶ እንኳ አንዱን ክንፍ በ1.9 ሚ.ሜ አስረዝሞ ሌላውን በዚያው ያህል ያሳጥራል። የክንፎቹ ድምር ልክ ሆኖ ሳለ ክንፎቹ ለየብቻቸው ልክ ካልሆኑ ምክንያቱ ይህ ነው።

ቀዳዳው ከመታጠፉ በፊት የሚበሳ ከሆነ ልኩን ከክንፉ ነፃ ጫፍ መውሰድ ይመረጣል። በንድፉ የቀዳዳው መሐል ከረጅሙ ክንፍ የውጭ ገጽ 25 ሚ.ሜ ይርቃል እንበል፤ ይህ ከነፃው ጫፍ 15 ሚ.ሜ ነው፣ በጠፍጣፋው ላይም ያው 15 ነው፣ ምንም ስሌት አይፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው የቀዳዳው ጠርዝ ለእጥፋቱ ያለው ቅርበት ነው። በ16 ሚ.ሜ ዳይ ላይ ከእጥፋቱ መስመር ግራና ቀኝ 8 ሚ.ሜ ያህል ላሜራ በአፉ ላይ ደጋፊ የለውም። የእኛ ቀዳዳ ጠርዝ ከመስመሩ 18.6 ሚ.ሜ ስለሚርቅ ችግር የለበትም። መሐሉ ከ25 ወደ 14 ሚ.ሜ ቢቀርብ ግን ጠርዙ ከመስመሩ 7.6 ሚ.ሜ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ክቡ ቀዳዳ ወደ እጥፋቱ በኩል ተስቦ ሞላላ ይሆናል፣ ዙሪያውም ያብጣል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የግድ ከሆነ ከታጠፈ በኋላ በትራፓኖ መብሳት ነው።

በተመሳሳይ ምክንያት የክንፉ ርዝመትም ወሰን አለው። በ16 ዳይ ላይ ከ11 ወይም 12 ሚ.ሜ ያነሰ ክንፍ በሚታጠፍበት ጊዜ ጫፉ ከዳዩ ትከሻ ተንሸራትቶ ወደ አፉ ይገባል።

ከዳዩ ሲወጣ ማዕዘኑ ለምን ይከፈታል? ምን ያህልስ ነው የሚከፈተው?

ይህ ስፕሪንግባክ የሚባለው ነው። በእጥፋቱ ቦታ ላይ ከውጭና ከውስጥ ገጽ አጠገብ ያለው ብረት ላይመለስ ቅርጹን ይለውጣል፤ ወደ ገለልተኛው መስመር የቀረበው ክፍል ግን ገና ሊመለስ በሚችልበት ደረጃ ላይ ይቆያል። ላይመለስ የተለወጠውም ክፍል ቢሆን በውስጡ የተከማቸ ጫና አለው። ፓንቹ ሲነሣ ይህ ሁሉ ጫና በአንድነት ይለቀቅና ክንፎቹ ትንሽ ይከፈታሉ።

መጠኑን የሚወስኑት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ብረቱ ላይመለስ ቅርጹን መለወጥ የሚጀምርበት ጫና ከፍ ባለ ቁጥር ስፕሪንግባክ ይጨምራል፤ ግትርነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀንሳል፤ ራዲየሱ ከውፍረቱ አንጻር በሰፋ ቁጥር ደግሞ በጣም ይጨምራል። ለግምት የሚያገለግለው የታወቀ ቀመር ይህ ነው።

```
x = (Ri × Y) / (E × T)
Ri/Rf = 4x³ − 3x + 1
```

`Ri` ከመለቀቁ በፊት ያለው ራዲየስ፣ `Rf` ከተለቀቀ በኋላ ያለው፣ `Y` ብረቱ ላይመለስ ቅርጹን መለወጥ የሚጀምርበት ጫና፣ `E` ግትርነቱ ነው። ለለስላሳ ብረት `Y` 250 ሜጋ ፓስካል፣ `E` 205,000 ሜጋ ፓስካል ብንወስድ በ2.6 ራዲየስ `x` 0.0016 ገደማ ይሆንና ሬሾው 0.995 ይመጣል፤ ማለትም 90 ዲግሪ የታጠፈው 0.4 ዲግሪ ያህል ይመለሳል። ይኸው ላሜራ በ50 ሚ.ሜ ራዲየስ ቢታጠፍ ግን ሬሾው ወደ 0.91 ይወርዳል፤ 50 የነበረው ራዲየስ 55 ይሆናል፣ 90 ዲግሪ የዞረውም ወደ 82 ዲግሪ ይመለሳል። በአንድ ላሜራ ላይ ከግማሽ ዲግሪ በታች የነበረው ወደ 8 ዲግሪ አደገ፤ የተለወጠው ራዲየሱ ብቻ ነው።

ቀመሩ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ የማሽኑን ትእዛዝ አይተካም። በሥራ ላይ በእንዲህ ያለ ጠባብ እጥፋት ለስላሳ ብረት ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ገደማ ሲመለስ ይታያል፤ ብረቱ ሲታጠፍ ስለሚጠነክርና ከእጥፋቱ አጠገብ ያሉት ክፍሎችም ትንሽ ስለሚጎብጡ ከቀመሩ ይበልጣል። እስቴንለስ ስቲል በዚሁ ውፍረት ላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ከለስላሳ ብረት ወደ እስቴንለስ ሲሸጋገሩ የድሮውን የማሽን ልክ መጠቀም አያዋጣም። አሉሚኒየም ግትርነቱ የብረት ሲሶ ያህል ስለሆነ፣ በተለይ የጠነከረው ዓይነት፣ እንዲሁ ከለስላሳ ብረት ይበልጣል።

ስፕሪንግባክን እንዴት ነው የማካክሰው?

በሚመለስበት ልክ አሳልፎ በማጠፍ ነው። የሙከራው ቁራጭ ፓንቹ ሳይነሣ 90 ዲግሪ ኖሮ ሲለቀቅ 91 ከሆነ፣ በሚቀጥለው 89 ድረስ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ግን ዳዩ ራሱ ከ90 የጠበበ ሲሆን ነው፤ 85 ወይም 88 ዲግሪ ዳይ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በ90 ዲግሪ ዳይ ላይ ላሜራው ግድግዳውን ስለሚነካ ከዚያ በላይ ለማሳለፍ ቦታ አይኖርም።

ሌላው መንገድ ላሜራውን በዳዩ ግድግዳ ላይ እስኪቀመጥ አጥብቆ መጫን ነው። ስፕሪንግባክ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የእኛ ብራኬት ደጋፊ በሌለው አጣጠፍ የሚፈልገው ከአንድ ቶን በታች ነው፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ተመሳሳይ እጥፋት ወደ 15 ቶን ይፈልጋል፣ አጥብቆ ለመጫን ደግሞ የዚህ ሦስትና አራት እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚህም በላይ አጥብቆ መጫን የውስጥ ራዲየሱን ስለሚያጠብ ቀደም ሲል የተለካው ተቀናሽ ዋጋ ያጣል።

ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ የማይገለበጠው፤ መጀመሪያ ማዕዘኑ ይስተካከላል፣ ከዚያ ርዝመቱ ይለካል። ማዕዘኑ 91 ሆኖ ሳለ ክንፎችን መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ በ40 ሚ.ሜ ክንፍ ጫፍ ላይ አንድ ዲግሪ 0.7 ሚ.ሜ መዛነፍ ያመጣል።

አንድ ቀን የተስተካከለው ማሽን በማግሥቱ ለምን ሌላ ማዕዘን ያወጣል?

ላሜራው ስለተለወጠ ሊሆን ይችላል። ደጋፊ በሌለው አጣጠፍ ማዕዘኑ የሚወሰነው ፓንቹ በሚወርድበት ጥልቀት ነው፤ በ16 ዳይ ላይ የ0.1 ሚ.ሜ ልዩነት ማዕዘኑን ወደ አንድ ዲግሪ ሊጠጋ በሚችል መጠን ያንቀሳቅሰዋል። ላሜራው ከቀድሞው ሲሳሳ ፓንቹ ዘግይቶ ይነካውና ማዕዘኑ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ላሜራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣው ካሊፐር ይሁን፤ ማሽኑን መነካካት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ውፍረቱ እኩል ሆኖ ማዕዘኑ ከተለያየ አቅጣጫውን ይመርምሩ። ላሜራ በፋብሪካ የተዳመጠበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ገጹ ላይ በቀጫጭን ጭረት መልክ ይታያል። ላሜራ ለመቆጠብ ሲባል ግማሹ ብራኬት በርዝመት፣ ግማሹ በአግድም ተደርድሮ ከተቆረጠ ሁለት የተለያየ ስፕሪንግባክ ያላቸው ክምሮች ይገኛሉ። የእጥፋቱ መስመር ከጭረቱ ጋር ትይዩ ሲሆን ደግሞ የውጭው ገጽ የመሰንጠቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ በለስላሳ ብረት በ2.6 ራዲየስ ብዙ አያሰጋም፣ በጠንካራ ብረትና በጠንካራ አሉሚኒየም ግን ያሰጋል። ስንጥቁ ከመከፈቱ በፊት የውጭው ገጽ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል።

እጥፋቱ 90 ዲግሪ ካልሆነ?

ቀመሩ የሚፈልገው ላሜራው የዞረበትን ማዕዘን እንጂ በክንፎቹ መካከል የቀረውን አይደለም። ንድፉ በክንፎቹ መካከል 135 ዲግሪ ካለ ላሜራው የዞረው 45 ብቻ ነው፤ ተቀናሹም 1.1 ሚ.ሜ ነው። በስሕተት 135 ያስገባ ሰው 14 ሚ.ሜ ቀንሶ ይቆርጣል። በ90 ላይ ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ስለሆኑ ይህ ስሕተት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል።

ፕሬስ ብሬክ የለኝም፤ በእጅ ማጠፊያ ወይም በሞርሳ ስሌቱ ይሠራል?

በእጅ ማጠፊያ ማሽን ይሠራል። እዚያ ራዲየሱን የሚወስኑት ላሜራውን የሚጨብጠው የላይኛው ምላጭ ጠርዝና ምላጩ ከሚታጠፈው ጠረጴዛ ወደ ኋላ የተሳበበት ርቀት ናቸው፤ እነዚህ ካልተነካኩ የ100 ሚ.ሜ ሙከራው ተቀናሹን በአስተማማኝ ሁኔታ ይሰጣል። በሞርሳና በመዶሻ ግን እያንዳንዱ ምት ብረቱን ስለሚያሳሳው ውጤቱ ከቁራጭ ቁራጭ ይለያያል። በመዶሻው ፋንታ ወፍራም እንጨት ተደርጎ ክንፉ በሙሉ ወርዱ አብሮ ቢገፋ ይሻላል፤ ያም ሆኖ ክንፉን 1 ሚ.ሜ ያህል አስረዝሞ ቆርጦ በመጨረሻ በሊማ ማስተካከል የሚመከር ነው።

ብራኬቱ ሁለት እጥፋት ያለው የዩ ቅርጽ ቢሆንስ?

ተቀናሹ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። 40፣ 60፣ 40 ለሆነ ዩ የመቁረጫ ርዝመቱ 140 ሲቀነስ 7.6፣ ማለትም 132.4 ሚ.ሜ ነው። በተቀናሹ ላይ ያለ የ0.1 ስሕተት አሁን 0.2 ስለሚሆን የት እንዲያርፍ እንደሚፈለግ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሁለቱም ክንፎች ከየነፃ ጫፋቸው በ38.1 ከተደገፉ የስሕተቱ ትልቁ ድርሻ በመሐሉ 60 ላይ ያርፋል። ወሳኙ ልክ የመሐሉ ከሆነ ግን ለሁለተኛው እጥፋት የታጠፈው የመጀመሪያው ክንፍ የውጭ ገጽ በመደገፊያው ላይ ይቀመጣል፣ መደገፊያውም 58.1 ላይ ይሆናል፤ የስሕተቱ ትልቁ ድርሻ ወደ መጨረሻው ክንፍ ይሄዳል።

ከስሌቱ ውጭ የሆነ አንድ ገደብም አለ። ሁለተኛው እጥፋት 90 ሲደርስ አስቀድሞ የታጠፈው ክንፍ ወደ ፓንቹ ተጠግቶ ይቆማል። በውስጥ ልክ መሐሉ 56፣ ክንፉ 38 ነው፤ ልዩነታቸው 18 ሲሆን በ0.707 ሲባዛ የክንፉ ጫፍ ከፓንቹ መሐል መስመር የሚርቀው ወደ 13 ሚ.ሜ ብቻ እንደሆነ ይታያል፣ ይህም ከእጥፋቱ 66 ሚ.ሜ ያህል ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ የፓንቹ አካል በዚያ በኩል ከ13 ሚ.ሜ የሚሰፋ ከሆነ ክንፉ ተመቶ ይጎብጣል፤ አንገቱ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ፓንች መጠቀም ያስፈልጋል።